የቸኮለ ጣት አሻራ፦ አጭር መልእክት ስለ ጸሐፊው ምን ይነግረናል?



በደንበኞች አገልግሎት ክፍል ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሰው መልእክት የሚያነብ ሠራተኛ፣ ልብ ሳይለው የሚወስደው አንድ ግምት አለ። መልእክቱ ከአምስት ቃል ካልበለጠ፣ አናባቢዎቹ ከተዘለሉ፣ ሁሉም በትንንሽ የላቲን ፊደል ከተጻፈ «ይሄ ሰው ስልክ ላይ ነው፤ ቸኩሏል» ይላል። በዚሁ ግምት መልሱን ያሳጥራል፤ አለዚያም ጸሐፊውን ግድ የለሽ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዛሬ የምከራከረው ይህ ግምት ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ጊዜ ያለፈበት መሆኑን ለማሳየት ነው። ርዝመትና አጽሕሮት ዛሬም ይናገራሉ። ትንሹ ፊደል ግን ብዙ ጊዜ ከምናስበው ተቃራኒውን ይመሰክራል። ከሁሉም ይልቅ ሊታመን የሚገባው ደግሞ ጸሐፊው ያላሰበው የጣት ስሕተት ነው።

ግምቱ ከየት እንደመጣ ካላየን የቱ ክፍል እንዳረጀ አናውቅም። አንድ የስልክ አጭር መልእክት 140 ባይት ብቻ ይይዛል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ምልክት ሰባት ቢት ስለሚወስድ 160 ምልክት ይገባል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን አንዱ ሆሄ ሁለት ባይት ስለሚይዝ ቦታው በ70 ሆሄ ያልቃል፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታም ይቆጠራል። ከዚያ ያለፈው ተቆራርጦ ይላካል፤ እንደ ተጨማሪ መልእክትም ይከፈልበታል። አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፍ ልማድ የተስፋፋው በሰው ስንፍና ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል። የቆዩት ስልኮች በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ የማያመቹ ነበሩ፤ ያ ባይሆን እንኳ የቦታው ስስት ወደ ላቲኑ ይገፋ ነበር።

በዚያ ላይ የቁልፉ ድካም አለ። በአሥራ ሁለት ቁልፍ ስልክ «s»ን ለማግኘት 7ን አራት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ስለዚህ «selam» አሥራ አንድ ጊዜ ያስጫናል፤ «slm» ግን ስምንት። ካፒታል ፊደል ለማስገባት ደግሞ ሌላ ቁልፍ መፈለግ ሊኖርብን ይችላል። በእነዚያ ዓመታት አጭርነት፣ አጽሕሮትና ትንሽ ፊደል አብረው የመጡት ሦስቱም ከአንድ ምክንያት ስለተወለዱ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት ጣትንም ያደክም፣ ኪስንም ይጎዳ ነበር። ያም ሆኖ የአጽሕሮቱ ብዛት ያኔም ተጋንኖ ይወራ ነበር። ክሪስፒን ተርሎው እ.ኤ.አ. በ2003 የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መልእክቶች መርምሮ ሲያወጣ፣ አጽሕሮት ከመልእክቱ ይዘት ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ነው የተገኘው። አብዛኛው ቃል ሙሉውን ተጽፎ ነበር። ስለዚህ አንድ «pls» ወይም አንድ «slm» አይቶ ብቻ መፍረድ ጥንትም አያስኬድም ነበር።

ዛሬ እነዚያ ምክንያቶች ተለያይተዋል። በስማርት ስልክ ኪቦርድ አንድ ፊደል አንድ ንክኪ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ፊደል ደግሞ በላቲን ሲጻፍ ስልኩ ራሱ ወደ ካፒታል ይለውጠዋል። ይህ ቅንብር ከፋብሪካው በርቶ ይመጣል፤ የሚያጠፋው ፈልጎ የሄደ ሰው ነው። በኮምፒውተር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ በአብዛኛው ካፒታሉን የሚያመጣው የጸሐፊው ጣት ሺፍትን ሲጫን ነውና፣ ሳይለፉ የሚገኘው ትንሹ ፊደል ነው። እንግዲህ «slm» ብሎ በትንሽ «s» የጀመረ ሰው ወይ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል፣ ወይ የስልኩን ቅንብር ሆን ብሎ አጥፍቷል። ሁለቱም የችኮላ ምልክት አይደሉም። «Slm» ብሎ የጻፈው ግን አናባቢውን ለመጻፍ እንኳ ያልታገሠ ሆኖ ሳለ ካፒታሉን አስገብቷል፤ ይህን ያደረገለት ስልኩ ነው። ለሙያው ሰው ይህቺ አንዲት ትልቅ «S» ከመልእክቱ አጭርነት የበለጠ ትናገራለች።

የአማርኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ ነገሩ በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው አይመለከተውም ሊባል ይችላል። ነገር ግን በላቲን ድምፅ እየመቱ ግዕዝ በሚያወጡት መጻፊያዎች ዘንድ ትንሹ ፊደል በሌላ በር ይገባል። በብዙዎቹ «t» ተን፣ «T» ጠን ያወጣል፤ «c» ቸን፣ «C» ጨን፤ «n» ነን፣ «N» ኘን። የቸኮለ ሰው ሺፍቱን ሲዘል «ካርዴ ጠፋ» ሊል ፈልጎ «ካርዴ ተፋ» ብሎ ይልካል፤ «ጨርሻለሁ» «ቸርሻለሁ» ይሆናል። ይህን የሚያይ ብዙ አንባቢ ጸሐፊው ፊደል ያልለየ ይመስለዋል። ፊደል ያልለየ ሰው ግን በድምፅ ወይም በመልክ በሚቀራረቡ ሆሄያት ሁሉ ይሳሳታል፤ ሺፍት የዘለለው የሚሳሳተው በእነዚያ ጥንዶች ብቻ፣ ያውም ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው። ጠ ተ ይሆናል እንጂ ተ ጠ አይሆንም። ፊደሉ ራሱ በሚታይባቸው የስልክ ኪቦርዶች ላይ ይህ ምልክት አይሠራም፤ እዚያ ችኮላ የሚታየው የሆሄው ቤት ሳይመረጥ ሲቀር፣ «ሰላም» «ሰለም» ሆኖ ሲወጣ ነው።

አሁን ሦስት ተከታታይ መልእክቶችን ቀረብ ብለን እንመልከት። ለምሳሌ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ ለአንድ ባንክ የእርዳታ መስመር በሰከንዶች ልዩነት የደረሱ እንበል።

```
Slm
Atmbkarden yazew
Ended ladrg
```

ሰውየው ሊል የፈለገው «ሰላም፣ ኤቲኤም ካርዴን ያዘው፣ እንዴት ላድርግ» ነው። ሦስቱም መስመር በካፒታል ይጀምራል፤ የጻፈው ግን ለአናባቢ የማይጨነቅ ሰው ነው። በሁለተኛው መስመር በ«atm» እና በ«karden» መካከል ክፍት ቦታ ሊኖር ሲገባ «b» ገብታለች። በስልክ ኪቦርድ «b» ከክፍት ቦታው ቁልፍ በላይ ናት፤ አውራ ጣት ትንሽ ከፍ ካለች የምታርፈው እዚያ ነው። ኮምፒውተር ላይ ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚስተው ሁለቱ እጆቹ ሲቀዳደሙ ነው፤ «karden» «kardne» ይሆንበታል። በሦስተኛው መስመር «endet» ወደ «Ended» ተቀይራለች። ይህን ያደረገው አማርኛውን የማያውቀው የስልኩ የእንግሊዝኛ ማረሚያ ነው፤ ሰውየው ሳያየው ልኮታል፤ ከላከ በኋላም አላረመውም። እዚህ ላይ ነው ሁለት ነገር መለየት ያለብን። ካፒታሉ፣ «b»ዋና «Ended» የሚሉት ስልክ ነው። ችኮላውን የሚናገሩት ሳይነበቡ መላካቸው፣ ሐሳቡ በሦስት መቆራረጡና ስም፣ ቅርንጫፍ፣ ቦታ አለመጠቀሱ ናቸው።

ይህ ልዩነት የመጀመሪያውን ተቃውሞ ይመልሳል። «ዛሬ ሁሉም በስልክ ይጽፋል፤ መሣሪያውን መገመት ምን ይጠቅማል?» ይባላል። መሣሪያውን ማወቅ የሚጠቅመው አጭርነቱን በልኩ ለመመዘን ነው። በፊንላንድ የአልቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ከ37,000 በላይ ፈቃደኞች በስልክ ሲጽፉ በአማካይ በደቂቃ 36 ቃል ያህል ጽፈዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት 52 ያህል አግኝቷል። ልዩነቱ ብዙዎች እንደሚያስቡት የትየለሌ አይደለም፤ ይህም የተለካው በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ያልቸኮለ ሰው በስልኩ አንድ ሙሉ አንቀጽ መጻፍ ይችላል፤ ብዙዎችም ይጽፋሉ። ስለዚህ ስልክ ብቻውን ሰውን በአምስት ቃል የማይገድብ ከሆነ፣ በአምስት ቃል ያስቆመው ምን እንደሆነ መጠየቅ እንችላለን። የተሻለው መለኪያ ደግሞ የዚያው ሰው የወትሮ አጻጻፍ ነው። ሁልጊዜ በሁለት ቃል የሚጽፍ ሰው ሁለት ቃል ቢልክ ምንም አልነገረንም። ወትሮ «እንደምን አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ» ብሎ የሚጀምር ሰው አንድ ቀን «kard yazew» ብሎ ከላከ ግን ነገር እንዳለ እንረዳለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ አጽሕሮትና ትንሽ ፊደል የወጣቱ ወግ ነው፣ ቸኩሎ ሳይሆን ወዶ ነው የሚጽፈው የሚል ነው። እውነት አለው። በቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ሴሊያ ክሊንና ባልደረቦቿ ባደረጉት ጥናት፣ በስልክ የተላከ ባለ አንድ ቃል መልስ መጨረሻው ላይ ነጥብ ሲኖረው ለተማሪዎቹ ያለ ነጥቡ ከተጻፈው ያነሰ ቅንነት ያለው መስሏቸዋል፤ በእጅ በተጻፈ ማስታወሻ ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ነጥብ አለማድረግ ለእነሱ የቅርበት ቋንቋ ነው። ወግን ከችኮላ የሚለየው ግን ወጥነቱ ነው። በወግ የሚጽፍ ሰው «slm»ንም «mn»ንም «nw»ንም ሁልጊዜ በአንድ መልክ ያሳጥራል፤ የሚቆርጠውን ያውቀዋል። የቸኮለው አንዱን ቃል ሙሉ፣ ሌላውን ግማሽ ያደርጋል፤ እየሄደም ይበላሽበታል። ሰላምታ መዝለሉንም እንደ ንቀት ለመቁጠር መጣደፍ የለብንም። በእኛ ዘንድ ሰላምታ ሳይቀድም ጉዳይ መጀመር ነውር ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ከተወው፣ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ጊዜ ማጣቱ ነው።

እንግዲህ መልስ የሚሰጠው ሠራተኛ ምን ያድርግ? ለዚያ ለካርዱ ባለቤት ስምንት መስመር መመሪያ መላክ አይጠቅምም። ቆሞ የሚያነብ ሰው የሚፈልገው አንድ ጥያቄና አጭር ማስጠንቀቂያ ነው፦ «ሰላም፣ ማሽኑ አጠገብ ነዎት? የማንንም እርዳታ አይቀበሉ፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ።» መልሱ ሲመጣ ማንነቱ በባንኩ ሥርዓት ይጣራል፤ ካርዱም ይታገዳል። የተቀረው ሰውየው ከተረጋጋ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን ከልብ ማስጠንቀቅ አለብኝ፤ የችኮላ ምልክት በቀላሉ ይመሰላል። የተሰረቀ የቴሌግራም አካውንት ይዞ «ብር ላክልኝ አስቸኳይ ነው፣ መደወል አልችልም» የሚለው አጭበርባሪ አጭር የሚጽፈው፣ አጭርነት የአነጋገሩን እንግድነት ስለሚሸፍንለት ነው። ረጅም ቢጽፍ ወዳጅ ወዳጁን በአነጋገሩ ይለየው ነበር። በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ሥር «Sent from my iPhone» የምትለውን ሐረግ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ በእጁ የሚጨምር ሰውም እንዲሁ ስሕተቱን ሁሉ በስልኩ ሊያሳብብ ይችላል። ስለዚህ ችኮላን ማንበብ የመልሳችንን ርዝመትና ቃና ሊወስን ይገባል እንጂ የማጣራቱን ሥራ ፈጽሞ ሊያላላው አይገባም። ገንዘብ፣ የሚስጥር ቁጥር ወይም የሌላ ሰው መረጃ የሚጠይቅ መልእክት ባጠረና በተጣደፈ መጠን፣ ጠያቂው በሚታወቅ ስልክ ቁጥሩ ተደውሎ ድምፁ ይሰማ።