መግባትና መሥራት፦ ስለ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎትና ስለ ራይዘር ኬብል



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ የመመረቂያ ሥራውን የሚሠራ ተማሪ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። በእጁ ባለ 8 መስመር፣ የ10 ጊጋቢት የኔትወርክ ካርድ ይዟል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ባዶ ሆኖ ያገኘው ግን አጭሩን ባለ 1 መስመር ስሎት ነው። «ዶክተር፣ የስሎቱን ጫፍ ቆርጬ ላስገባው?» አለኝ።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ካርዱና ማዘርቦርዱ በመካከላቸው ስንት መስመር እንደተገናኘ ይፈትሹና በተገኘው ይስማማሉ። ስለዚህ ባለ 8 መስመር ካርድ በ1 መስመርም ይሠራል። ኃይል የሚያቀብሉት ጥርሶች ደግሞ ከካርዱ ቅርፊት በፊት ባለው አጭር ክፍል ላይ ስለሆኑ በሁሉም ስሎት ይገኛሉ። የሚከለክለው የስሎቱ ጫፍ ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ ጫፉን ክፍት አድርገው የሚሠሩ አምራቾችም አሉ። ቢሆንም አልፈቀድኩም፤ መጋዙ ቢያንሸራትት የማዘርቦርዱን ቀጫጭን መስመሮች ይበጥሳል።

ተማሪው ራይዘር ገዝቶ መጣ፤ በአንዱ ጫፍ አጭር መሰኪያ፣ በሌላው ረጅም ስሎት፣ በመካከላቸው የዩኤስቢ ገመድ የሚመስል ኬብል። ገመዱን ለሽቦው ሲሉ ተዋሱት እንጂ የዩኤስቢ ምልክት አያልፍበትም፤ ከዩኤስቢ ወደብ ጋር ፈጽሞ አታገናኙት። የሚያሻግረውም 1 መስመር ብቻ ነው። የስሎቱ መርዘም መስመር አይጨምርም።

ካርዱ ታወቀ፤ ፍጥነቱ ግን ከ4 ጊጋቢት አላለፈም። ምክንያቱን `sudo lspci -vv` አሳየን፦

```
LnkCap: Speed 5GT/s, Width x8
LnkSta: Speed 5GT/s, Width x1
```

የመጀመሪያው የካርዱ አቅም ነው፤ ሁለተኛው በተግባር የተገኘው። በዚህ ትውልድ አንድ መስመር በሰከንድ 5 ቢሊዮን ቢት ያስተላልፋል፤ ከየ10 ቢቱ መረጃ የሚሸከሙት 8ቱ ናቸው። ስለዚህ ጣሪያው 4 ጊጋቢት ነው።

መፍትሔው እዚያው ማዘርቦርድ ላይ ነበር። ተማሪው ለግራፊክስ ካርድ ብቻ የተሠራ መስሎት የተወው ሁለተኛ ረጅም ስሎት ውስጡ ሲታይ የብረት ጥርስ ያለው ለ4 መስመር ያህል ነው። ካርዱን እዚያ ስናስገባ ጣሪያው 16 ጊጋቢት ሆነ፤ ለአንድ ወደብ ይበቃል።

ራይዘሩን ለግራፊክስ ካርድ ልጠቀምበት የሚል ካለ የኃይሉን ነገር ያስብ። እንዲህ ያለው ካርድ ከስሎት እስከ 75 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ በራይዘሩ ላይ የሚሰካው የሳታ የኃይል መሰኪያ ግን በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው። ቀልጦ ከራይዘሩ ጋር የተጣበቀ መሰኪያ አይቻለሁ።

16ቱንም መስመር የሚያሻግረው ጠፍጣፋ ራይዘር ችግሩ ሌላ ነው። ምልክቱን የሚያጠነክር ነገር ስለሌለው ርዝመቱ ራሱ ያዳክመዋል። በ3ኛው ትውልድ ያለ እንከን የሠራ ኬብል፣ ፍጥነቱ እጥፍ በሚሆንበት በ4ኛው ትውልድ ስክሪኑን ሊያጨልም ይችላል። ያን ጊዜ ካርዱን ከመጣላችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ስሎቱን ወደ 3ኛው ትውልድ ዝቅ አድርጉት፤ ስክሪኑ ከተመለሰ ጥፋቱ የኬብሉ ነው።