በአዳማ ሙቀት ሽቶ እንዲቆይ



ጠዋት ቦዲ ስፕሬይ ነፍቼ ገበያ እወጣና ረፋድ ላይ መዓዛው ይጠፋብኝ ነበር። በወር ሁለት ጣሳ ጨርሼ፣ ጥፋቱ የላቤ ይመስለኝ ነበር። ቦዲ ስፕሬይ ግን አብዛኛው አልኮልና ገፊ ጋዝ ነው፤ መዓዛው ጥቂት ስለሆነ የአዳማ ሙቀት ቶሎ ያተነዋል። ሽቶ መዓዛው ይበዛል፤ ጠርሙሱ ላይ «ኦ ደ ፓርፋም» የሚለው «ኦ ደ ቷሌት» ከሚለው ብዙውን ጊዜ ይቆያል። አልኮል የሌለው የቅባት ሽቶ በዝግታ ይተናል፤ ግን ርቆ አይሸትም፣ ነጭ ነጠላም ላይ እድፍ ይተዋል።

ከመግዛቴ በፊት አንዱን ሽቶ በቀኝ፣ ቅባቱን በግራ አንጓዬ ላይ ጠብ አድርጌ ሞከርኩ። ሳላሽ ተውኩት። እኩለ ቀን ላይ ሽቶው ደክሞ ነበር፤ ቅባቱ ግን ማታም አልጠፋም።

አሁን ታጥቤ ከደረቅሁ በኋላ፣ ቫዝሊን በስሱ ቀብቼ፣ ከጆሮዬ ኋላ አንድ ጠብታ ቅባት አደርጋለሁ። በላብ ላይ መደራረብ ሽታውን ያበላሻል። ለሠርግ፣ መዓዛው ከሩቅ እንዲሰማ ሲፈለግ፣ ሽቶ ይሻላል። ቆዳ ካሳከከ ወይም ከቀላ ግን ወዲያው ታጥቦ መተው ነው። ጠርሙሱን ከመስኮት ፀሐይ፣ የስፕሬይ ጣሳውን ደግሞ ከጋለ መኪና አርቁ፤ ጣሳው በሙቀት ሊፈነዳ ይችላል።