ሆትስፖት ስንጋራ ጊጋው የት ይሄዳል?



ዓርብ መንፉሃ ስንገናኝ አንዷ ፓኬጅ ትሞላና ሌሎቻችን በሆትስፖት ከእሷ ላይ እንጠቀማለን። ማታ ላይ «እኔ አገር ቤት ደወልኩ እንጂ ምንም አልከፈትኩም፣ ማነው የጨረሰው?» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ብዙ ጊዜ ማንም አልዋሸም። ስልኩ ራሱ ሳይጠይቅ ነው የበላው። ዛሬ የማወራችሁ ይሄንን ነው።

ሆትስፖት ስትከፍቱ ስልካችሁ ሁለት ሥራ ይይዛል። በአንድ በኩል በሲሙ ከኔትወርክ አንቴናው ጋር ይገናኛል። በሌላ በኩል ያንኑ ኢንተርኔት እንደ ቤት ዋይፋይ ለሌሎች ያካፍላል። ሆትስፖት በመክፈታችሁ ብቻ ጊጋው ብዙም አይቀንስም። ግን ሌሎቹ የሚያወርዱትም ሆነ የሚልኩት ሁሉ ከባለሲሟ ይቆረጣል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የተቀባይዋ ስልክ «ዋይፋይ አገኘሁ» ብሎ ያስባል። ዋይፋይ ደግሞ ነፃ ይመስለዋል። ስለዚህ ሲጠብቅ የነበረውን ሥራ ሁሉ ይጀምራል፤ ፎቶ ባክአፕ ያደርጋል፣ አፕ ያድሳል።

እስቲ እናስላው። አንዷ እህት 5 ጊጋ ሞላች እንበል። ጓደኛዋ ስልክ ላይ ባክአፕ ያልሆኑ 200 ፎቶዎች አሉ፤ አንዱ 3 ሜጋ ቢሆን 600 ሜጋ ነው። 5 ደቂቃ ቪዲዮም አለ፤ ደቂቃው 100 ሜጋ ቢሆን 500 ሜጋ። አሥር አፖች ይታደሳሉ፤ አንዱ 60 ሜጋ ቢወስድ 600 ሜጋ። ድምሩ 1,700 ሜጋ፣ ማለትም 1.7 ጊጋ ነው። ከ5ቱ ጊጋ ሲሶው በላይ ሄደ፣ ያውም ጓደኛዋ ስልኩን ሳትነካው!

መፍትሔው ያለው በተቀባይዋ ስልክ ላይ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ ላይ ገብታችሁ የተገናኛችሁበትን ስም ጎን ንኩ። አንድሮይድ ላይ Metered የሚለውን ፈልጋችሁ ምረጡ። አይፎን ላይ Low Data Mode የሚለውን አብሩ። አሁን ስልኩ ይሄ ዋይፋይ በገንዘብ የተገዛ መሆኑን ያውቃል፤ ባክአፑንና እድሳቱን ያቆያል። ሁለቱም ስልክ አንድ ዓይነት ሲሆን አንዳንዴ ራሱ ሊለይ ይችላል፤ አንዱ አይፎን ሌላው አንድሮይድ ሲሆን ግን በእጅ ማስተካከሉ ይሻላል። ይሄ ግን የምታዩትን ቪዲዮ አያስቆምም። ቲክቶክ ከከፈታችሁ ይበላል፣ በቃ።

ማን እንደበላ ለማወቅም ጠብ አያስፈልግም። ባለሲሟ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ትክፈት። ሆትስፖት ለብቻው ስንት እንደወሰደ እዚያ ተጽፎ ታገኘዋለች። ከመክፈቷ በፊትና ከዘጋች በኋላ አይታ ታወዳድር።

ወደ ባትሪው እንምጣ። ሆትስፖት ላይ ያለ ስልክ አያርፍም፤ ስክሪኑ ቢጠፋም ውስጡ ይሠራል። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ክፍል ደግሞ አንቴናውን ለማግኘት የበለጠ ኃይል ያወጣል፣ ይሞቃል። የሪያድን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። አፕል አይፎንን እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ተጠቀሙበት ነው የሚለው። ስለዚህ ስልኩን ኔትወርክ ወዳለበት መስኮት አጠገብ አድርጉት፣ ፀሐይ ግን አይንካው። ትራስ ሥር አይሁን። ቻርጅ ላይ ሆኖ ከጋለ ሽፋኑን አውልቁለት።

የስልካችሁን ልክ ራሳችሁ ለኩ። ሆትስፖቱን ስትከፍቱ ባትሪው 80 ከነበረና ከአንድ ሰዓት በኋላ 65 ካሳየ፣ በሰዓት 15 ወረደ ማለት ነው። በዚሁ ከቀጠለ አራት ሰዓት 60 ይወስዳል፤ የሚቀራችሁ 20 ብቻ ነው። ማታ ወደ አሠሪ ቤት የምትመለስ እህት ታክሲ የምትጠራውም፣ ለሰው የምትደውለውም በዚያው ስልክ ነው። እኔ 30 ሲደርስ እዘጋለሁ፣ ማንም ቢለምነኝ። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ማንም ሳይገናኝ ሲቀር ሆትስፖቱ በራሱ እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል፤ እሱን አብሩት። ጽሑፍ መልእክት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ በብሉቱዝም ማጋራት ይቻላል። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ባትሪ ይቆጥባል።

የመጨረሻው ፓስወርድ ነው። አንዴ የተገናኘ ስልክ ፓስወርዱን ያስታውሳል፤ በሚቀጥለው ዓርብ ሳትጠሩት ራሱ ይገባል። ሲሙ ደግሞ በኢቃማችሁና በአሻራችሁ የወጣ ነው፤ በእሱ የሚደረገው ሁሉ በእናንተ ስም ነው። ስለዚህ ከተለያያችሁ በኋላ ፓስወርዱን ቀይሩት።

አሁን ስልካችሁን አውጡና Metered ወይም Low Data Mode የሚለውን አብረን እንፈልግ። ያጣችው እጇን ታንሳ፣ መጥቼ አሳያታለሁ።