ማዶ ያለችው ዋጋ ስትቀንስ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ አባላችን ካደረገችው ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ ዋጋ ነው። ከጎናችን ያለ ነጋዴ ዋጋውን ሲቀንስ አብረን እንቀንስ ወይስ ዝም እንበል የሚለውን። እኔ በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ተፈትኛለሁ። አንዴ ወድቄአለሁ፣ አንዴ ደግሞ ለጥቂት ተርፌአለሁ። የወደቅኩበትን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ሰፈር አንዲት ሌላ ጋጋሪ ከእኔ ሁለት ብር ዝቅ አድርጋ መሸጥ ጀመረች። እኔም በማግስቱ እኩል ወረድኩ። ስሌት የሚባል ነገር አልሠራሁም፣ እልህ ነው የያዘኝ። እሷ አንድ ብር ጨመረች፣ ማለት ቀነሰች፣ እኔም ተከተልኳት። የሚገርመው ቤቴ እንደዚያን ጊዜ ሰው በዝቶበት አያውቅም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስተን እስከ ቀትር እንጋግራለን፣ ሁሉም ይሸጣል። ወሩ ሲያልቅ ግን የቤት ኪራይ የለም። እቁቤን መጣል አቃተኝ። ከማኅበራችን ቁጠባ ተበድሬ ነው ኪራይ የከፈልኩት፣ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ብድሩን ለመክፈል ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ሁለተኛው የዛሬ ዓመት በግንቦት ነው። አንድ ጠዋት ደንበኛዬ የሆነ የምግብ ቤት ባለቤት መጣና «እትዬ፣ ከማዶ በ23 ብር እያመጡልኝ ነው፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ። እኔ የምሸጠው በ25 ነበር። «እስከ ነገ ታገሠኝ» አልኩት። ማታ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሒሳቡን ለመከታተል እንዲመቻችሁ ቁጥሩን አጠጋግቼ ነው የማቀርበው። በቀን 300 እንጀራ እሸጣለሁ። አንዱን እንጀራ ለመጋገር 20 ብር ይወጣል። ይህ የጤፉ፣ የወፍጮው፣ የመብራቱ፣ የማድረሻውና የላስቲኩ ነው። በዚህ ውስጥ የቤት ኪራይና የጋጋሪዋን የወር ደመወዝ አላስገባሁም፣ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አንድ እንጀራ ብጋግርም 300 ብጋግር ኪራዩ ያው ነው። ሠራተኛችሁ በእንጀራ ቁጥር የምትከፈል ከሆነ ግን የእሷንም ከ20ው ጋር ደምሩት፣ ምክንያቱም እንጀራው ሲቀንስ ክፍያውም ይቀንሳል። ብዙዎቻችን ኪራዩን ለየእንጀራው እናካፍልና «ወጪዬ 23 ነው» እንላለን፤ ከዚያ ለቅናሽ የምንሰጠው መልስ ሁሉ ይበላሻል።

እንግዲህ ከአንድ እንጀራ እጄ ላይ የሚቀረው 5 ብር ነው። በቀን 1,500፣ በወር 26 ቀን ስለምንሠራ 39,000 ብር። ከዚህ ላይ ኪራይና ደመወዝ 24,000 ሲወጣ ለቤቴ 15,000 ይቀራል።

ወደ 23 ብወርድ ከአንዱ የሚቀረኝ 3 ብር ነው። አንድ ደንበኛ እንኳን ሳይጎድልብኝ በቀን 900፣ በወር 23,400። ኪራይና ደመወዙን እንኳ አይችልም! የመጀመሪያው ጊዜ ምን እንደበላኝ ያን ማታ ነው የገባኝ።

ባልቀንስስ? ደንበኛ እንደሚሄድብኝ ግልጽ ነው፤ ጥያቄው ስንት ቢሄድ ነው የሚል ነው። 900 ብሩን ለ5 አካፈልኩት፣ 180 ሆነ። ማለትም በ25 ብር 180 እንጀራ ብቻ ብሸጥ፣ በ23 ብር 300 ከመሸጥ ጋር ገንዘቡ እኩል ነው። 120 እንጀራ እስኪሄድብኝ ድረስ ዝም ማለት ይሻለኛል፤ ድካሙም ያንሳል። ለእናንተም ሥራ ይሄው ይሠራል። የሚቀነሰውን ብር አሁን እጃችሁ ላይ ለሚቀረው አካፍሉ። ለእኔ 2 ለ5 ነው፣ ከመቶ 40። ከመቶ 40 በላይ ደንበኛ ይሄዳል ብላችሁ ካመናችሁ መቀነስ ነው፣ ካላመናችሁ መቆየት። በቀጭን ትርፍ የሚሸጥ ሰው ብዙ ደንበኛ ቢያጣ እንኳ ከመቀነሱ ይሻለዋል፤ በሰፊ ትርፍ የሚሸጥ ደግሞ ጥቂት ሲሄድበት ቶሎ መቀነስ አለበት። እኛ ብዙውን ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው።

ግን 120 ይሄዳል አይሄድም በምን ይታወቃል? እኔ ሁሉንም ደንበኛ በአንድ ዓይን አላየሁም። ከ300ው 110 የሚሆነው ለሁለት ምግብ ቤቶች ይሄዳል፣ 60 ለአንዱ፣ 50 ለሌላው። 190ው የሰፈር ነው፤ አምስትም ስድስትም የሚወስዱ እናቶች።

በማግስቱ ልጄን ልኬ የማዶዋን እንጀራ አስገዛሁ። ሰፌድ ላይ አድርጌ አሳደርኩት፤ ሩዝ የበዛበት ከሆነ በማግስቱ ይደርቅና ሲጠቀልሉት ይሰነጠቃልና። አልተሰነጠቀም፣ ጤፉ ደህና ነው። ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣሁት። የእኔ 400 ግራም ነው፣ የእሷ 350። አሁን አስሉት። በ25 ብር 400 ግራም ማለት መቶው ግራም 6 ብር ከ25 ነው። በ23 ብር 350 ግራም ግን መቶው 6 ብር ከ57 ይሆናል። ውድ የምትሸጠው እሷ ናት! ለደንበኞቼ ስለ እሷ አንድ ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ሚዛኑን በር ላይ ወዳለው ጠረጴዛ አወጣሁትና ለመጣ ሁሉ እየመዘንኩ ሰጠሁ። እናቶቻችን የቀረውን ራሳቸው አወሩት።

ለምግብ ቤቶቹ ግን ሚዛኑ አይሠራም። እነሱ ለአንድ ሰው አንድ እንጀራ ነው የሚያቀርቡት፤ 50 ግራም ቢጎድል የሚቀነስባቸው ነገር የለም፣ በቀን 60 የሚወስደው ግን 120 ብር ይቆጥባል። ስለዚህ ይሄዳሉ። ሁለቱም ከሄዱ የማጣው 110 ጊዜ 5፣ 550 ብር በቀን ነው። ለእነሱ ብቻ ወደ 23 ብወርድ የማጣው 220 ነው። እዚህ ላይ መከተል ግድ ነበር።

ግን በነፃ አልሰጠሁም። «በ23 እሰጣችኋለሁ፤ በቀን ከ50 የማያንስ ትወስዳላችሁ፣ የሳምንቱን ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ ቁጥሩንም ሊጥ ከማቡካቴ በፊት ትነግሩኛላችሁ» አልኳቸው። ይህ ሁለት ነገር ጠቀመኝ። ጤፍ የምገዛው በእነሱ ገንዘብ ሆነ፣ ሌላው ደግሞ የሰፈር ሰው «ለእነሱ በ23 ለእኛ በ25?» ሲለኝ «50 የሚወስድና ቀድሞ የሚከፍል ማንም በ23 ይወስዳል» ማለት ቻልኩ። ማንም አልተቀየመኝም፤ አንዲት ደጋሽ እንዲያውም በዚያው ሒሳብ ወሰደች።

ውጤቱን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ከሰፈሩ ወደ 35 እንጀራ ሄደብኝ። የቀረው 155 በ5 ብር 775፣ የምግብ ቤቶቹ 110 በ3 ብር 330። በጠቅላላው በቀን 1,105፣ በወር 28,730 ብር። ከኪራይና ደመወዝ በኋላ 4,730 ቀረኝ። ከ15,000 ወደዚህ መውረድ ያማል፣ ሥጋ የገዛሁት ለበዓል ብቻ ነው። ግን እቁቤ አልተቋረጠም፣ ማንንም አልተበደርኩም። ክረምቱ ሲገባ እንደተለመደው ጤፍ ተወደደ፤ እሷም በሐምሌ ወደ 25 ተመለሰች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የማዶዋ ቅናሽ እውነተኛ ቢሆን፣ ማለትም እኔ በ20 የምሠራውን እሷ በ18 የምትሠራበት መንገድ አግኝታ ቢሆን ኖሮ፣ ሚዛን አያድነኝም ነበር። ዝም ማለት የሚያዋጣው ሌላው ሊዘልቅበት በማይችለው ቅናሽ ላይ ነው። አዲስ ምርት ገብቶ እህል በረንዳ ላይ ጤፍ ለሁሉም ከረከሰም እንደዚሁ፤ የእኔም ወጪ ስለወረደ አብሬ መውረድ አለብኝ፣ ያ ጦርነት አይባልም።

ታዲያ ጦርነት ውስጥ መግባት የሚያዋጣው መቼ ነው? በርበሬ የምታዘጋጅ አንዲት እህታችን አለች። ምርት በሚደርስበት ወቅት ማረቆ ድረስ ሄዳ በብዛት ትገዛለች፣ የምታስቀምጥበትም ቦታ አላት። አንዲት አዲስ ሻጭ በዚያው ወቅት ከእሷ በታች ሸጠች። እህታችን በማግስቱ እኩል ወረደች፣ ትክክልም ነበረች። አስቡት፣ የእንጀራ ደንበኛ ዛሬ ቢሄድ ነገ ይራበውና ይመለሳል። የዓመት በርበሬዋን ሌላ ቦታ የገዛች እናት ግን እስከሚመጣው ዓመት አትመለስም። ደግሞም አዲሷ ሻጭ ዛላውን ገበያ ላይ በኪሎ እየገዛች ስለነበር ወጪዋ ከእህታችን በላይ ነው፣ ብዙ አትቆይም። እህታችን አምስት ሳምንት ብላ ቀጠሮ ያዘች፤ የምትከስረውንም ገንዘብ መጠን ቀድማ በደብተር ጻፈች። አዲሷ በአራተኛው ሳምንት ዋጋዋን ከፍ አደረገች። ባታደርግ ኖሮስ? በአምስተኛው እህታችን ታቆም ነበር፤ እንዲህ ብላ ነው የነገረችኝ። ያ የተጻፈ ቁጥር ነው እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ያልነበረኝ። ለእኔ የመጨረሻው ቁጥር 20 ብር ነው፤ ከዚያ በታች ደንበኛዬ እንጀራዬን እንዲበላልኝ እየከፈልኩት ነው ማለት ነው።

ባለፈው አንዲት እናት «ለምን ተጠርታችሁ በአንድ ዋጋ አትስማሙም?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በሽማግሌ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ተፎካካሪ ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ መወሰን በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ የተከለከለ ነው። ጠብ ቢኖር እንታረቅ፣ ቡናም እንጠጣ፤ ዋጋውን ግን እያንዳንዳችን በየደብተራችን ነው የምንወስነው።

የመጨረሻው ስለ ማታ ትራፊ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተጠይቄበታለሁ። አመሻሽ ላይ 15 እንጀራ ቢተርፍ 20 ብሩ አስቀድሞ ወጥቷል፣ አይመለስም። በ18 ቢሸጥ ይሻላል? ለአንድ ቀን አዎ። እኔ ግን ሁለት ሳምንት እንዳደረግኩት ጠዋት ይመጡ የነበሩ ደንበኞቼ ማታ ማታ መምጣት ጀመሩ። አሁን የተረፈውን አድርቄ ድርቆሽ አደርገዋለሁ፣ ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ ሰዎች በኪሎ ይሸጣል። ምግብ ቤቶቹን በተመለከተ፣ በሐምሌ ጤፍ ሲወደድ ዋጋ ጨመርኩባቸው፣ ለብዛቱ የሚቀነስላቸውን ሁለት ብር ግን ወደ አንድ ብር አውርጄ ተውኩላቸው። ቀድሞ መክፈሉን አንዱ ተወው፤ ሌላው እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፍላል።