የጓደኛን ረቂቅ ማረም፦ በጋፋት መድፍ ምሳሌ



የክፍል ጓደኛችሁ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ስለ ተሠራው ስለ ሴባስቶፖል መድፍ የጻፈውን የድርሰት ረቂቅ እንድታዩለት ሰጣችሁ እንበል። «ግሩም ነው» ብትሉት ደስ ይለዋል፤ ረቂቁን የሚያሻሽልበት ነገር ግን አላገኘም።

ምስጋናችሁ ቦታውን ይጠቁም፦ «መድፉ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጎተት መንገዱ እንዴት እንደ ተጠረገ የገለጽህበት አንቀጽ የሥራውን ክብደት ያሳያል፤ አትንካው።» እንዲህ ያለ ምስጋና ጸሐፊው ሲያርም ጠንካራውን ክፍል እንዳይሰርዝ ይጠብቀዋል።

«ሕዝቡ መድፉን በደስታ ጎተተ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢያጋጥማችሁ ደግሞ «ስሕተት ነው» ብላችሁ አትለፉ። «ደስታቸውን በምን ዐወቅህ? ምስክር ካለህ ጥቀስ፤ ከሌለህ ‹በደስታ› የሚለውን ቃል አውጣው» በሉት። ጸሐፊው የጎደለው ማስረጃ መሆኑን ያያል፤ የሚያደርገውንም ያውቃል።

የፊደል ግድፈት ለመጨረሻው ንባብ ይቆይ፤ ነገ የሚሰረዝን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ማቃናት ከንቱ ድካም ነው። አስተያየታችሁን ከመስጠታችሁ በፊት «ጓደኛዬ ይህን አንብቦ የትኛውን መስመር ይለውጣል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ፣ አስተያየታችሁን እንደ ገና ጻፉት።