ቆርኬ ወይስ ሌችዌ?

ሀ፦ አንድ አድማጭ ከጋምቤላ ፓርክ ያነሳውን ፎቶ በቴሌግራም ልኮልናል። ጠቆር ያለ ወንድ ነው። ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው ወይስ ናይል ሌችዌ?

ለ፦ ነጭ ነገር ይታያል አይደል?

ሀ፦ ችግሩ እሱ ነው። የቆርኬው ነጭ ጆሮውና የዓይኑ ዙሪያ ላይ ነው። የሌችዌው ግን ከማጅራቱ እስከ ትከሻው ይወርዳል።

ለ፦ ይለያል እኮ!

ሀ፦ በዓይን አዎ። ስልክ ከልክ በላይ ሲያጎላ ግን መሃሉን ቆርጦ ይለጥጠዋል፤ የጆሮውና የአንገቱ ነጭ ይዋሃዳሉ።

ለ፦ ፊልተርስ?

ሀ፦ ፊቱን ሲያለሰልስ የዓይኑን ነጭ ቀለበት ያደበዝዘዋል። ቴሌግራም ሲጨምቀው ደግሞ የተረፈውም ይሄዳል።

ለ፦ ቀንዱስ? የሌችዌ ረዘም ይላል።

ሀ፦ ከጎን ከተነሳ ይረዳል፤ ፊት ለፊት ከሆነ ግን ርዝመቱ ያሳስታል።

ለ፦ እንግዲያው አድማጮች፣ ብዙ ሳታጎሉ አንሱ፤ ፊልተር ይቅር፤ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ።

ሀ፦ ከጎኑ የተነሳም ካለ ጨምሩበት።