ከሌሊቱ 9 ሰዓት እሳቱ ዳር የቆሙት

የሁላችሁንም ማዕረግ በየተራ ብጠራ የተቀዳው ሻይ ይቀዘቅዳል። የመጣሁትም ስለ መቀዝቀዝ ለመናገር ስለሆነ በዚሁ ልጀምር። የጋበዛችሁኝ በገና ዕለት ከካንጌሚና ከአካባቢው ለመጡ ችግረኛ ቤተሰቦች ምሳ ያበሰሉትንና ያስተናገዱትን በጎ ፈቃደኞች እንዳመሰግን ነው። ምስጋናው የሚገባ ነው፤ ጊዜውም ተስማሚ ነበር። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ሲውል እዚህ ዌስትላንድስ የጎረቤቶቻችን በዓል ካለፈ ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። በዓሉ ኪስ አራቁቶ ሄዷል፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ኬንያውያን በዚህ ወር ረሃብ ላይ የሚቀልዱት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሰሞን የቀረበ ትኩስ ምሳ በታኅሣሥ አጋማሽ ከቀረበው ይልቅ ይፈለጋል። ይህን ግን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ የምግብ ጤና ሰው ነኝና ምስጋናዬን ወደ አንድ ቦታ አዘንብለዋለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ።

ዶሮውን የገዛ፣ ሽንኩርቱን የላጠ፣ ድንኳኑን የተከለ ሁሉ ይመስገን። ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው ግን ምግቡ በዋዜማው ተሠርቶ እንዳያድር ብሎ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እሳት ዳር የቆመውን ሰው ነው። ምክንያቴ እንዲህ ነው። ሆቴል ገብቶ ከፍሎ የበላ ሰው ሆዱን ቢቆርጠው በማግስቱ ተመልሶ ይጮኻል፤ ገንዘቡን ይጠይቃል፣ ለማዘጋጃ ቤት ይከሳል። በነፃ የተጋበዘ ችግረኛ ግን አይናገርም። ያበላውን ሰው መክሰስ ነውር ይመስለዋል፣ በሚቀጥለው በዓል ስሙ ከዝርዝሩ እንዳይወጣም ይሰጋል። ስለዚህ «እስካሁን ያማረረ የለም» የሚለው ቃል በሆቴል ቤት ጥቂት ማስረጃ ይሆን እንደሆነ እንጂ በምጽዋት ማዕድ ላይ ምንም አያስረዳም። በዚያ ላይ የተጋባዡ አቅም ስስ ነው። የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን በተቅማጥ ቢተኛ የዚያ ቀን እንጀራው ይቀራል፤ በደንብ ያልተመገበ ሕፃንም እንደ እኛ ልጆች ቶሎ አያገግምም። ከዚህ የምደርስበት መደምደሚያ ለብዙዎች ግልብጥ ይመስላል፦ የነፃ ማዕድ ጥንቃቄ ከሚሸጠው ምግብ ሊበልጥ ይገባዋል።

አሁን ወደ ድስቱ እንግባ። ወፍራም የዶሮ ወጥ በትልቅ ሱፉሪያ ተሠርቶ፣ ተከድኖ ቢያድር የሚሆነውን አስቡ። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በአፈር፣ በዶሮና በከብት አንጀት የተለመደ ነው። ኑሮ ሲከፋበት ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ያንቀላፋል፤ ቅርፊት የለበሰውን መፍላትም አይገድለውም። ናይሮቢ ደግሞ ከፍታዋ 1,700 ሜትር ያህል ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ወጡ ከእሳት ወርዶ ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ ያንቀላፋው ይነቃል። አየር አይወድም፤ መፍላቱ አየሩን ስላስወጣለት የጥልቅ ድስት መሃል ይመቸዋል። ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ባለው ሙቀት በየ10 ደቂቃው ያህል በእጥፍ ይባዛል። በአንድ ግራም ወጥ ውስጥ 4 ብቻ ቢኖሩ፣ በዚያው ፍጥነት ቢቀጥሉ በሦስት ሰዓት አንድ ሚሊዮን ያልፋሉ፤ ይህም ለማሳመም የሚበቃ ቁጥር ነው። ሽታው አይለወጥም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። «የናይሮቢ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፣ ደጅ ይደር» የሚል አለ። ቅዝቃዜው የሚያገኘው ግን ጠርዙንና ላዩን ነው። ወፍራም ወጥ ሙቀቱን ቀስ እያለ ያወጣል፤ ጥልቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የመብረጃው ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድስት ሲነጋም መሃሉ ሞቅ እንዳለ ነው፤ ያው ወጥ 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በሰፋፊ ትሪ ቢዘረጋ ግን ቶሎ ይበርዳል።

ይህ የመጽሐፍ ስጋት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዲሴምበር 25 ቀን፣ በለንደን ምሥራቃዊ ዳርቻ በሆርንቸርች አንድ መጠጥ ቤት ከመቶ ለሚበልጡ ሰዎች የገና ምሳ አቀረበ። ተርኪ የሚሉት ትልቅ ዶሮ በዋዜማው ተጠብሶ ነበር፤ አበራረዱ ግን ትክክል አልነበረም። ከተመጋቢዎቹ ከ30 የማያንሱ ታመሙ፣ አንዲት እናትም ሞተች። ምርመራው ያገኘው ያንኑ ባክቴሪያ ነው። ከበሽታው ይልቅ የሚያስገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ሲደርሱ የተረፈው ሥጋ ተጥሏል፤ የምግቡ ሙቀት የሚመዘገብበት ወረቀትም ኋላ ተሞልቶ ቀርቧል። ሥራ አስኪያጇና የወጥ ቤቱ ኃላፊ በ2015 ወደ እስር ቤት የወረዱት ማስረጃ በማጥፋትና ፍርድ በማዛባት ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀጣ። ልብ በሉ፤ ያ ቤት ማቀዝቀዣ ነበረው፣ ደመወዝተኛ ወጥ ቤት ነበረው፣ የመመዝገቢያ ቅጽም ነበረው። የጎደለው ወረቀቱን ከምር የሚሞላ ሰው ነው። እናንተ ቅጽ የላችሁም፤ ሆኖም ከእሳቱ ዳር አልተለያችሁም።

መቃወሚያው ብዙ ነው። የመጀመሪያው የእናቶቻችን ነው፦ «ዶሮ ወጥ ሲያድር ነው የሚጥመው፤ ስንት ዘመን አሳድረን በላን፣ ማን ሞተ?» እውነት አለበት። ለቤተሰብ የሚሠራ ድስት ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል፤ ለመቶ ሰው የሚሠራው ግን ሌላ ነገር ነው። ሕመሙም ቢሆን ስሙን አይናገርም። ከበሉ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ቁርጠትና ተቅማጥ ይመጣና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ይለቃል። እኛ ደግሞ ከ43 ቀን ጾም በኋላ ሥጋና ቅቤ የገባበት ሆድ ሲያጉረመርም ምክንያቱን አስቀድመን አዘጋጅተናል፦ «ፍስኩ አልተስማማኝም።» ስንቱን የድስት ጥፋት በጾም ፍቺ እንዳሳበብን እግዜር ይወቀው። ሁለተኛው መቃወሚያ ጠንከር ይላል፤ «ጠዋት ደግመን እናፈላዋለን።» በሚገባ ከፈላ የነቃው ባክቴሪያ ይሞታልና ይህ በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ትልቅ ድስት ሥሩ ሲያር መሃሉ ገና ለብ ያለ ነው፤ እንግዳው ደጅ ተሰልፎ ደግሞ ማን ይታገሣል? ሩዙንም አትርሱ። በሞቀበት ባደረ ሩዝ የሚያድገው ሌላ ባክቴሪያ ትቶት የሚሄደው መርዝ ቢፈላም አይጠፋም። ለጎረቤቶቻችን ብላችሁ ፒላው ስትሠሩ ድስቱን የዕለቱ አድርጉት።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከልብ የሚነካ ነው፤ እኔም በቀላሉ አላልፈውም። የገና ሌሊት የማኅሌትና የቅዳሴ ሌሊት ነው። ምግቡ በዋዜማው ይሠራ የሚባለው በስንፍና ሳይሆን አብሳዮቹም ማስቀደስ ስለሚፈልጉ ነው። በሌሊት አብስሉ ማለት ከቅዳሴ ቅሩ ማለት ይመስላል። መፍትሔው ሥራውን መክፈል ነው። በዋዜማው ሽንኩርቱ ይላጥ፣ ይከተፍ፤ ቁሌቱም ይሠራና ወዲያው በዝርግ ትሪ ተከፋፍሎ ከ5 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ በርዶ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። የታጠበው ዶሮ በበረዶ ተሸፍኖ ይደር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጥቂት ሰዎች ብቻ እሳቱን ያያይዙ፤ በሚቀጥለው በዓል ሌሎች ይተኳቸው። ሰው ካነሰም ማዕዱን ከቀኑ 6 ሰዓት ወደ 9 ሰዓት ማሸጋገር ማንንም አያስቀይምም፤ ተጋባዡ የሚፈልገው ትኩሱን ነው። የዚህን ሌሊት ድካም ከጸሎት የሚያንስ አድርገው ለሚያዩ፣ አባቶች እዚህ ስላሉ መልሱን ለእነርሱ እተዋለሁ። ከእኔ ድርሻ አንድ ነገር ልጨምር። አብሳዮቹ ጾም ላይ ናቸውና ወጡን ቀምሰው አያውቁትም፤ በማሽተትና በማየት ነው የሚመሩት። ረጅም እግር ያለው የምግብ ቴርሞሜትር ግን ጾም አይገድፍም። በድስቱ መሃል ይሰካ፤ ሲበስል ከ70 ዲግሪ ይለፍ፣ እስኪቀርብ ድረስም ከ60 አይውረድ። ከወረደ እሳቱን መጨመር ነው። ሰዓቱንና ቁጥሩን አንድ ልጅ በደብተር ይጻፍ።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ማዕዱ ሲያበቃ የተረፈውን ወጥ በፕላስቲክ ዕቃ እየሞላችሁ ታስይዛላችሁ። እናት ቤት ለቀሩት ልጆች ማሰቧን ማንም አይነቅፍም፤ እናንተም እንቢ ማለት ይከብዳችኋል። ነገር ግን ያ ዕቃ በማታቱ ተጨናንቆ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ውሎ፣ ማታ ለብ ብሎ ይበላል። ሌሊቱን ሙሉ የጠበቃችሁት ጥንቃቄ በር ላይ ያልቃል ማለት ነው። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ እሳትና ያለ በረዶ አይቀመጥ። ስለዚህ ቤት የቀሩትን ቁጠሩና ድርሻቸውን በደረቅ ስጡ፦ ድፎ ዳቦ፣ ያልተላጠ ሙዝና ብርቱካን፣ ዱቄትና ሽምብራ። «እንዲያ ከሆነማ ለምን ገንዘቡን በስልካቸው አንልክላቸውም?» የሚልም አይጠፋም። ለዓመቱ ሌሎች ቀናት ትክክል ነው፤ ብትልኩ ደስታዬ ነው፣ ችግሩን የሚያውቀው ራሱ ባለቤቱ ነውና። በዓል ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሆን ነገር አለው፤ በስልክ አይላክም። በነፃ ማዕድ ረጅም ልምድ ያላቸውን ማየት የሚሻ ወደ ሞምባሳ በሚወስደው መንገድ ማኪንዱ ላይ የሚገኘውን የሲኮች ቤተ መቅደስ ይጎብኝ፤ መንገደኛውን ዘሩንና ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ያበላል፣ ማዕዱም ሥጋ የለበትም። ያለ ዶሮ ገና አይሆንም ትሉኛላችሁ፤ አልከራከርም። ነገር ግን ሰው ባነሰበት ዓመት የምስር ወጥና ትኩስ ሩዝ በጊዜው ቢቀርብ ካደረ ዶሮ እንደሚሻል እወቁ።

ፋሲካ ሩቅ አይደለም። ሌሊቱ ይረዝማል፣ ጾሙም 55 ቀን ነው፤ ከቅዳሴው መልስ የሚመጣው ሕዝብም ከገናው ይበዛል። ኮሚቴው እስከዚያ ሁለት ቴርሞሜትርና አሥር ዝርግ ትሪ እንዲገዛ፣ የሌሊቱን ተረኞች ስም ከሆሣዕና በፊት እንዲጽፍ እለምናለሁ። አንድ ቦታ ከጎደለ እኔን ጻፉኝ፤ ሽንኩርት መላጥ እችላለሁ።